ለየቲም ቤት የሚጻፍ የተዕዚያ ደብዳቤ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

አባወራ በሞተበት ቤት ከእህሉና ከገንዘቡ ቀድሞ የሚደርሰው ቃል ነው። ጎረቤትና ዘመድ በአካል ሄዶ ተዕዚያውን ያደርሳል፤ ራቅ ያለው ደግሞ በደብዳቤ ወይም በስልክ መልእክት ይልካል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንን ከሩቅ የሚላከውን መልእክት ነው። አንድ በተለመዱ ሐረጎች የተሞላ ደብዳቤ እንወስድና ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እየፈታን እንደገና እንጽፈዋለን። ደብዳቤው የማንም ቤተሰብ አይደለም፤ ለትምህርት ያዘጋጀነው ስለሆነ በስም ቦታ እገሌና እገሊት ብለናል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደርሶት የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው።

በመጀመሪያ ደብዳቤው የት እንደሚነበብ እናስብ። ሟቹ አሰላ ከተማ ውስጥ በፈረስ ጋሪ ሲሠሩ የኖሩ፣ ከሰጉሬ ወገን ካለ የገጠር መንደር የመጡ ሰው ናቸው እንበል። ባለቤታቸውና ሦስት ልጆቻቸው ቀርተዋል፤ ታላቁ ወንድ ልጅ የ13 ዓመት ነው። ደብዳቤው የተጻፈው በአማርኛ ነው፤ የቤቱ ቋንቋ ግን አፋን ኦሮሞ ነው። እናትየዋ አማርኛ ይሰማሉ፤ ማንበብ ግን አይችሉም። ስለዚህ ፖስታውን የሚከፍተው ያ የ13 ዓመት ልጅ ነው። እርሱም ትምህርቱን የተማረው በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ስለሆነ የአማርኛውን ፊደል እየለቀመ ያነባል፤ እያነበበም ለእናቱና ምንጣፉ ላይ ለተቀመጡት ሴቶች ይተረጉማል። እንግዲህ ጸሐፊው የላከው ቃል በልጁ አፍ ያልፋል፣ ወደ ሌላ ቋንቋ ይገለበጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው የእናቲቱ ጆሮ ዘንድ የሚደርሰው። ይህንን መንገድ ያላሰበ ደብዳቤ ምንም ቢያምር መንገድ ላይ ይቀራል።

የመጀመሪያው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ለተከበራችሁ የሟች ቤተሰቦች። በወንድማችን በአቶ እገሌ ድንገተኛ ኅልፈተ ሕይወት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን በቃላት ለመግለጽ ይሳነናል። አቶ እገሌ ለሁሉም አርአያ የሆኑ፣ ምትክ የማይገኝላቸው ታላቅ ሰው ነበሩ። የእርሳቸው መለየት ለመላው ኅብረተሰብ ከባድ ጉዳት ነው። ሆኖም እርሳቸው አሁን በጀነት ውስጥ ስለሆኑ ልታለቅሱ አይገባም። እናንተ የቲሞች ሆይ፣ በርቱ፣ ጠንክሩ፤ ጊዜ ሁሉን ያስረሳል። እኛም ምንጊዜም ከጎናችሁ ነን።»

በሰዋስው በኩል ነቀፋ የለበትም። ጸሐፊውም ክፉ አላሰበም፤ ከሌላ ደብዳቤ ላይ የሰማውን ነው የደገመው። ይሁን እንጂ «አቶ እገሌ» የሚለውን ስም አውጥተን የሌላ ሰው ስም ብናስገባ ደብዳቤው አንድ ፊደል ሳይለወጥ ለዚያም ሰው ይሆናል። የነጋዴ፣ የመምህር፣ የሽማግሌ፣ የወጣት ሞት ሁሉ ይስማማዋል። ለመፈተኛ ከዚህ የተሻለ መንገድ አናውቅም፦ ስሙን ሸፍኖ ማንበብና ቤተሰቡ ደብዳቤው የእነርሱ መሆኑን ሊያውቅ ይችል እንደሆነ መጠየቅ።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ። «ኅልፈተ ሕይወት» የሚለውን ልጁ እንዴት ይተረጉመው? «ሞት» ይለዋል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያውም «ሞት» ማለት ይሻላል። ሐዘን የተቀመጠ ቤት ሞት የሚለውን ቃል አይፈራም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሲለው ሰንብቷል። «በቃላት ለመግለጽ ይሳነናል» የሚለው ደግሞ ስለ ሟቹ ሳይሆን ስለ ጸሐፊው የሚናገር ነው። «ለሁሉም አርአያ» እና «ምትክ የማይገኝላቸው» የተባሉትም ከማንም ጋር የሚሄዱ ናቸው። ሟቹ በጋሪ ሠርተው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሰው ነበሩ፤ «መላው ኅብረተሰብ» ሲባል ባለቤታቸው የሰው ደብዳቤ በስሕተት የመጣላቸው ይመስላቸዋል። ሟችን ከነበሩበት በላይ ማግነን የነበሩትን ሰው እንደ መሰረዝ ይሆናል።

ከዚህ የሚከብደው «አሁን በጀነት ውስጥ ስለሆኑ» የሚለው ነው። ታላቁ ሰሓባ ዑስማን ኢብኑ መዝዑን (ረ.ዐ) በሞቱ ጊዜ፣ በቤቷ ያስታመመቻቸው የአንሷር ሴት አላህ እንዳከበራቸው በእርግጠኝነት ስትመሰክር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህንን በምን አወቅሽ ብለው እንደጠየቋት ቡኻሪ ዘግበዋል። ለሟቹ መልካሙን እንደሚመኙላቸውም ነገሯት፤ ምኞትና ዱዓ ፍርድ አይደለምና። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ «ገብተዋል» የሚለው «ያግባቸው» ወደሚለው መመለስ አለበት። ይህ የሰዋስው እርማት ብቻ እንዳይመስለን፤ «ያግባቸው» ስንል ከቤተሰቡ ጋር አብረን እንለምናለን።

«ልታለቅሱ አይገባም» የሚለውም እንዲሁ መውጣት አለበት። አንዲት የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ሕፃኗ በሞት አፋፍ ላይ ሳለ እንዲመጡላት ላከችባቸው። እርሳቸውም በመልእክተኛ ሰላምታ ላኩላት፤ የወሰደውም የሰጠውም የአላህ መሆኑን፣ ነገር ሁሉ እርሱ ዘንድ የተወሰነ ጊዜ እንዳለው፣ እርሷም እንድትታገሥና ምንዳውን ከአላህ እንድታስብ አስገነዘቧት። መልእክቱ ይህ ብቻ ነው። ኢማም አን-ነወዊ (በ676 ዓመተ ሂጅራ የሞቱ) «አል-አዝካር» በተባለው ኪታባቸው ለተዕዚያ ከሚባለው ሁሉ የተሻለው ይህ መሆኑን፣ ተዕዚያ ግን በዚህ ቃል ብቻ እንደማይወሰንና በማንኛውም የሚያጽናና ቃል እንደሚፈጸም ጽፈዋል። ታሪኩም በመልእክቱ አላበቃም። ልጃቸው እንዲመጡ በአላህ ስም አጥብቃ ለመነቻቸውና ከባልደረቦቻቸው ጋር ሄዱ። ሕፃኑ ትንፋሹ እየተቆራረጠ እጃቸው ላይ ሲደረግ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ (ረ.ዐ) ተገርመው ሲጠይቁም ይህ አላህ በባሮቹ ልብ ያኖረው እዝነት መሆኑን ነገሯቸው። የተከለከለው ሙሾና ፊት መንጨት ነው፤ እንባ አይደለም። ስለዚህ ለአባቱ የሚያለቅስን ልጅ አታልቅስ ብሎ የሚያዝ ደብዳቤ ከሱንናው በላይ ጠበቀ ማለት ነው።

«እናንተ የቲሞች ሆይ» በሚለው ላይ ጥቂት መቆየት እንወዳለን። ማኅበሮቻችን ቃሉን በየቀኑ ስለሚጠቀሙበት ክብደቱ ይጠፋናል። ለመዝገብ፣ ለቅጽ፣ ለለጋሽ ሪፖርት ተገቢ ቃል ነው፤ በቁርኣንም በክብር ተነሥቷል። ነገር ግን ያ የ13 ዓመት ልጅ በእንግዶች ፊት ጮክ ብሎ ሲያነብ ራሱን የቲም ብሎ መጥራት ይገደዳል፤ ምናልባትም ቃሉ በእርሱ ላይ ሲነገር የሚሰማበት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። በደብዳቤ ውስጥ ልጆች ስም አላቸው፤ በስማቸው ይጠሩ።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «ምንጊዜም ከጎናችሁ ነን» የሚለው ነው። በጣም የተለመደና በጣም የሚጎዳ ሐረግ ይህ ይመስለናል። ባሏ የሞተባት እናት ይህንን ስትሰማ ታሰላለች፦ የመስከረም የደብተር ወጪ ተሸፈነ ማለት ነውን? የቤት ኪራዩስ? ፈረሱን ልሽጠው ወይስ ልቆይ? ጸሐፊው ግን ይህን ሁሉ አላሰበም፤ ደብዳቤ መዝጊያ ነው የፈለገው። ወራት አልፈው ማንም ሳይመጣ ሲቀር ቃሉ ይቆጠራል፤ ያ ልጅም ይቆጥራል።

እዚህ ላይ የጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ቤት ሊታወስ ይገባል። ጃዕፈር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደሉም፤ ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሙስሊሞች ቃል አቀባይ ሆነው በነጃሺ ፊት የቆሙት እርሳቸው ናቸው፤ ልጃቸው ዐብደላህም የተወለደው በሐበሻ ምድር ነው። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ (629) ሙእታ ላይ በተገደሉ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያደረጉትን በቅደም ተከተል እንመልከት። አስቀድመው ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራላቸው አዘዙ፤ ስለ ራሳቸው እንዳያስቡ የሚያደርግ ነገር ደርሶባቸዋልና። ቤተሰቡን ሦስት ቀን ተዉት፤ እንዲያለቅሱ ጊዜ ሰጡ። ከዚያ መጥተው ከዛሬ በኋላ እንዳያለቅሱ ነገሯቸውና ልጆቹን አስጠሩ፤ ፀጉር ላጪ አስመጥተውም አስላጯቸው። ስለ ልጆቹም አንድ በአንድ ተናገሩ፦ አንደኛው አጎታቸውን አቡ ጧሊብን እንደሚመስል፣ ዐብደላህ ደግሞ በመልክም በጠባይም እርሳቸውን እንደሚመስል። እናታቸው አስማእ (ረ.ዐ) አባት የሌላቸው መሆናቸውን ባነሡ ጊዜም በዱንያም በአኺራም የልጆቹ ኃላፊ እርሳቸው መሆናቸውን ነገሯቸው። ይህንን ኢማም አሕመድ ዘግበውታል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለደብዳቤ ጸሐፊ የሚሆን ብዙ ነገር አለ፤ እኛ አንዱን ብቻ እንይዛለን። የተስፋው ቃል የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ከምግቡ፣ ከሦስቱ ቀናት፣ ከፀጉር ላጪው በኋላ። ቃሉን የተናገሩትም ሊፈጽሙት የሚችሉ ሰው ናቸው። የእኛ ደብዳቤ ግን ተስፋውን አስቀድሞ ሰጥቶ ምግቡን ረስቷል።

እንግዲህ ለመጻፍ ምን ያስፈልገናል? ብዙውን ጊዜ የጎደለው ዕውቀት ነው። ብዕር ከማንሣት በፊት ለቤተሰቡ ቅርብ ለሆነ ሰው፣ ለሚስቱ ወንድም ወይም ለጎረቤት፣ ስልክ መደወል ይገባል። የሚጠየቀው ጥቂት ነው። ሰፈሩ ሟቹን ምን ብሎ ይጠራቸው ነበር? የልጆቹ ስም ማን ማን ነው? ደብዳቤውን የሚያነበው ማን ነው? ያልተነገረ፣ መነሣት የሌለበት ነገር አለ? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይምሰለን፤ የበሽታው ስም ከልጆቹ ተሰውሮ ሊሆን ይችላል፤ ዕዳም ሊኖር ይችላል። የሟች ዕዳ በሸሪዓችን ትልቅ ጉዳይ ስለሆነ ሊከፍል ያሰበ ሰው አላህ ይቀበለው፤ ነገር ግን ከወንድምየው ጋር ለብቻ ይነጋገርበት እንጂ ጮክ ተብሎ በሚነበብ ደብዳቤ ላይ አያንሣው።

ከዚያ ጸሐፊው ወደ ራሱ ትዝታ ይመለሳል። ከሟቹ ጋር ያየው አንድ ነገር ይበቃል፤ ሦስት ከሆነ ንግግር ይሆናል። ትዝታው የጸሐፊውን ደግነት የሚያሳይ መሆን የለበትም፤ ሟቹ ሲሠሩ፣ ሲናገሩ፣ ሲሄዱ የሚታዩበት ይሁን። ምንም ትዝታ የሌለው ለጋሽ፣ ሟቹን በአካል የማያውቅ ከሆነ፣ አለማወቁን ሳይሸሽግ «በአካል አላውቃቸውም ነበር፤ ጎረቤታቸው እንዲህ ብሎ ነገረኝ» ብሎ ይጻፍ። የተዋሰውን ትዝታ የራስ ማስመሰል ቤተሰቡ ወዲያው የሚያውቀው ነገር ነው።

የእኛ ጸሐፊ ግን ሟቹን ያውቃቸው ነበር። በልጅነቱ አሰላ አብሯቸው በአንድ ሰፈር የኖረ፣ ዛሬ አዲስ አበባ የሚሠራ ሰው ነው። ሁለተኛው ደብዳቤ እንዲህ ሆነ፦

«አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ፣ እትዬ እገሊት።

የጋሼ እገሌን ሞት ማክሰኞ ማታ ከወንድምዎ ሰማሁ። ሁላችንም የአላህ ነን፤ ወደ እርሱም ተመላሾች ነን።

እናቴ በታመመችበት ክረምት ጭቃው መኪና አላሳልፍ ብሎ ነበር። ጋሼ ሌሊት ጋሪያቸውን ጠምደው መጡና አሰላ ሆስፒታል አደረሷት። ገንዘብ ስንሰጣቸው «ስትድን ቡና ታጠጣኛለች» ብለው ፈረሱን አዙረው ሄዱ። እናቴ ድና ቡናውን አጠጣቻቸው። ይህንን ልጆቹ አልሰሙት ይሆናል ብዬ ጻፍኩት።

አላህ ጋሼን ይማራቸው፤ መቃብራቸውን ያስፋላቸው። ለእርስዎም ትዕግሥቱን ይስጥዎ፤ ልጆቹንም ይጠብቅልን።

ለጀናዛው አልደረስኩም። እሑድ ከዙህር በኋላ ከባለቤቴ ጋር እንመጣለን። መልስ መጻፍ አያስፈልግም።»

ይህ ደብዳቤ ከመጀመሪያው ይረዝማል። ያ ልጅ ሲያነበው የሚያቆመው ቃል የለም፤ ጋሪ፣ ጭቃ፣ ቡና፣ ፈረስ በየትኛውም ቋንቋ ይተረጎማሉ። በመካከሉ ስለ አባቱ የማያውቀውን ነገር ያገኛል፤ ምንጣፉ ላይ ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ «እኔም እንዲህ አስታውሳለሁ» ብላ ሌላ ልታነሣ ትችላለች። «እትዬ» የሚለው አጠራር ጸሐፊው በልጅነቱ ይጠራቸው የነበረበት ነው፤ «የተከበራችሁ» ከሚለው ይልቅ አክብሮቱ በእርሱ ውስጥ አለ።

ዱዓው አጭር ነው። አቡ ሰለማ (ረ.ዐ) በሞቱ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያደረጉት ዱዓ ሟቹን በስማቸው የሚያነሣ፣ ምሕረትን የሚለምን፣ ለተተዉት ዘሮቻቸው አላህ ተተኪ እንዲሆን የሚጠይቅ፣ መቃብራቸውም እንዲሰፋና እንዲበራ የሚለምን እንደነበር ሙስሊም ዘግበዋል። ስም፣ ምሕረት፣ ልጆች፣ መቃብር፤ ከዚህ በላይ መደርደር አያስፈልግም።

ተስፋው ደግሞ «እሑድ ከዙህር በኋላ» ሆነ። «ምንጊዜም» የሚለው ቃል አንድ ቀንና አንድ ሰዓት ሆኖ ጠበበ፤ ጸሐፊው ሊፈጽመው የሚችለው ይህንኑ ነውና። ስለ ትምህርት ቤት ወጪ፣ ስለ ወርኃዊ ድጋፍ አንድም ቃል አልተጻፈም። አስቦበት ከሆነ እሑድ ቀን ባለቤቱ ከእትዬ ጋር ለብቻ ይነጋገሩበታል፤ መጠኑንም ጊዜውንም ያኔ ቆርጠው ይናገራሉ። ባለቤቱን ይዞ መሄዱም በምክንያት ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳ አራት ወር ከዐሥር ቀን ነው፤ በዚህ ጊዜ ሴት ለሴት መነጋገሩ ይቀላል። በዚሁ ምክንያት «ለምዝገባ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍና የቀበሌ ማስረጃ ይዘው ቢሮ ይምጡ» የሚል ቃል በተዕዚያ ደብዳቤ ግርጌ ፈጽሞ መግባት የለበትም። ምዝገባው የራሱ ቀን አለው፤ መዝጋቢዋም ወደ ቤት ብትሄድ ይሻላል።

ስለ ጊዜው አንድ ነገር እንጨምር። የሻፊዒይ መዝሀብ ዑለማዎች የተዕዚያው ጊዜ እስከ ሦስት ቀን እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ግን የበረደውን ሐዘን ስለሚቀሰቅስ እንደሚጠላ ይናገራሉ፤ በቦታው ያልነበረን ሰው ግን ከዚህ ለይተውታል። ስለዚህ ውጭ አገር ሆኖ ወሬውን ከወር በኋላ የሰማ ሰው መጻፍ ይችላል። ደብዳቤው ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ደብዳቤ አይጀምርም፦ «ዛሬ ነው የሰማሁት» ይልና ዱዓውን አድርጎ ስለ ልጆቹ በስማቸው ይጠይቃል። ወር ባለፈው ቤት እንግዳው ቀንሷል፣ ምንጣፉ ተነሥቷል፤ ፈረሱም ምናልባት ተሽጧል። ያ ልጅ ይህንን ደብዳቤ ለእናቱ ብቻ ያነብላቸዋል።